ስሙ የጠፋብኝ ሰው ሰላምታ

ስሙ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስም መርሳት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ገነት ሰው አታገኝም ነበር። ገበያ የሚውል ሰው፣ ቀብርና ሰርግ የማይቀርበት ሰው፣ የሁሉን ስም እንዴት አድርጎ ይይዘዋል? ፊቱ ይቀራል፣ ስሙ ይሄዳል። ያን ጊዜ ታዲያ በእኛ አገር ያለው መላ አንድ ነው፤ ሰላምታውን ማሞቅ። ስሙን የምታውቀውን ሰው "ደህና ዋልክ" ብለህ ታልፈዋለህ። ስሙ የጠፋብህን ግን አቅፈህ፣ ደጋግመህ ስመህ፣ እጁን ሳትለቅ ቆመህ የቤቱን የከብቱን ትጠይቀዋለህ፤ እንደረሳኸው ካወቀ ይከፋዋላ! እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጥፋቱ ያንቺ ነው የሚለኝ ካለ ፊት ለፊቴ ቆሞ ይንገረኝ።

ያደግሁት እስቴ ነው፣ የተዳርኩት ታች ጋይንት። ባሌ ያርሳል፤ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ አርብ ገበያ ወጥቼ ጌሾና ነጭ ሽንኩርት እሸጣለሁ። አባትና እናቴ ካረፉ ወዲህ ከእስቴ የቀረኝ አንድ ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ። እንደ ልጄ ነበር የማየው፤ ባሌ እንኳ "ለኔ ያላሠራሽውን ጋቢ ለሱ ታሠሪያለሽ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ከመጣ ወዲህ የጎረምሳ እናት እንቅልፍ አልነበራትም። ከላይ ኮታ ይወርዳል፤ ገበሬ ማኅበሩ ይሰበሰባል፤ ከዚህ ቀበሌ ይህን ያህል ጎረምሳ ይውጣ ይባላል። የሄደ ደግሞ ሲመለስ አላየንም። የወንድሜ ተራ እንደደረሰ ሹክ ያለን ሰው ነበርና ልጁ ከእስቴ ጠፋ። እኔ ዘንድ መጣ። እኔ ዘንድ ቢቀመጥ መጀመሪያ የሚፈለገው እኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ ሸለቆውን ተሻግሮ ስማዳ ገባ፤ ከወገዳ ራቅ ያለች አንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለ ቅኔ ቤት። ደበሎ ለበሰ፣ አኩፋዳ አንጠለጠለ፣ ቁራሽ እየለመነ ከተማሪው ጋር ተቀላቀለ። የቅኔ ተማሪ ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ ማን ከማን ይለያል? የት እንዳለ የማውቀው እኔና ባሌ ብቻ ነበርን። ለጠየቀ ሁሉ "ሁመራ ወርዷል፣ ሰሊጥ ሊያጭድ" እል ነበር። ለአማቴም ያልኩት ይኸንኑ ነው። ለነፍስ አባቴም ጭምር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንድ አርብ ታዲያ ጌሾዬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ገበያው ሞቋል። ከአህያ መቆሚያው በኩል አንድ ሰው ገና ከሩቅ እጁን ዘርግቶ እየሳቀ ወደ እኔ መጣ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጢሙ የሞላ፣ ካኪ ኮት ከጋቢ በታች የለበሰ።

"አለሽ? አለሽ እህቴ? በሞትኩት! እንዲህ ሰው ሆነሽ ልይሽ!"

ዘልዬ ተነሳሁ። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ዓይኑን፣ በተለይ ቅንድቡን አውቀዋለሁ። ስሙ ግን የለም። ጭራሽ የለም! ማን እንደሆነም የለም። የባሌ ዘመድ ይሁን፣ የሰርጌ ሚዜ ይሁን፣ የእስቴ ሰው ይሁን፣ ድሮ ጌሾ የገዛኝ ይሁን አላውቅም። አፌ ግን አልጠበቀኝም፤ "ውይ! ውይ! እንኳን እግዜር አገናኘን!" እያልኩ ተንጠለጠልኩበት። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ፣ መቼ እንደምናቆም እስኪጠፋን ድረስ።

እዚህ ላይ ሴት ወይዘሮ የምታውቀው ጥበብ አለ። ስም የጠፋባት ሴት የመጀመሪያ ጭንቋ አንተ ልበለው ወይስ አንቱ ነው። ዘመድ ከሆነ አንቱ ስትዪው ያዝናል፤ ባዳ ከሆነ አንተ ስትዪው ይቆጣል። ስለዚህ ሁለቱንም አትዪም። "ጤና እንዴት ነው? ቤት እንዴት ከረመ? አዝመራው እንዴት ነው? ከብቱስ?" ትያለሽ። ከብትን አንቱ የሚል የለ! እናት አባትን በስም አትጠይቂም፤ ምናልባት ሞተው ለቅሶ ሳትደርሺ ቀርተሽ ይሆናል። "ሁሉም ደህና?" ትያለሽ፤ የሞተ ካለ እሱ ራሱ ይተነፍሳል። ከዚያ ከየት እንደመጣ ትጠይቂያለሽ፤ አገሩን ከያዝሽ ስሙ አይርቅም።

"ከየት ነው አሁን?" አልኩት።

"ከቤት ነዋ! ከየት ልመጣ?"

አልያዝኩትም። "ስንት ዘመን ሆነን ሳንተያይ?" አልኩ።

"እሱንስ ተዪው! ቆጥረንም አንዘልቀው።"

ይሄም አልሆነም። "ልጆችስ? ስንት ደረሱ?"

"ከትልቁ በስተቀር ገና ናቸው" አለና ትንሽ ፊቱ ጠቆረ። ወዲያው ግን ሳቁን መለሰው። "ምነው አንቺ፣ እንደ ዳኛ ፊት ዙሪያ ዙሪያውን ትሄጃለሽ? አንቱ ልትዪኝ ነው እንዴ?"

"ኧረ ወግድ! አንተን ነው አንቱ የምለው?" አልኩና በትከሻዬ ገፋሁት። አንተነቱ በዚህ ተቆረጠ። ዘመድ ነው ማለት ነው፤ የቱ ዘመድ እንደሆነ ግን አሁንም የለም።

የመጨረሻው ጥበብ ማስተዋወቅ ነው። ከጎኔ ጨው የምትሸጥ ጎረቤቴ ነበረች፤ ይህን መላ እሷ ናት ያስተማረችኝ። "ነይ እስቲ፣ ከወንድሜ ጋር ተዋወቂ" አልኳት። ገብቷታል፤ ብድግ ብላ እጇን ዘረጋችና ስሟን ጮክ አድርጋ ተናገረች። ሰው ስሙን ሲነግርህ ስምህን መንገር ነው ወጉ። እሱ እጇን በሁለት እጁ ያዘና "እኔ የሷ ወንድም ነኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ስም አለኝ?" አላት። ጎረቤቴ ተረታች፤ ዞር ብላ በዓይኗ "አልሆነም" አለችኝ። እኔም ሳቄን ዋጥኩ። ያን ጊዜ የሚያስቅ መስሎኝ ነበር፤ ወይ እኔ!

ከዚያ ባንኮኒ የሌላት ጠላ ቤት ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጠላ አስቀዳሁለት፤ እከፍላለሁ አላለም፣ ቢልም አላስከፍለውም፤ እንግዳዬ ነው። ስሙ ስለጠፋብኝ በጨዋታዬ ልክሰው ፈለግሁ። አንድ ሲጠይቀኝ ሁለት እመልሳለሁ። ስለ ባሌ፣ ስለ በሬዎቻችን፣ ስለ መጣብን ውርጭ አወራሁት። ይሰማል፤ ጥሩ አድርጎ ነው የሚሰማው። ቃል ሳወጣ "እህ" ይላል፣ ሲያዝን ከንፈሩን ይመጥጣል።

"ያ ታናሽሽስ?" አለኝ በመካከል፣ ጠላውን ቀና አድርጎ እየጠጣ።

"ሁመራ ወርዷል፣ ሰሊጥ ሊያጭድ" አልኩት፤ አፌ የለመደው ነው።

ጣሳውን መሬት አስቀመጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔንም እንደ ባዳ?" አለኝ።

እግዚኦ! ያ ቃል እንዴት እንዳገኘኝ ላስረዳ አልችልም። ስሙን ሳላውቀው ሳቅፈው፣ ሳስመው፣ ወንድሜ እያልኩ ሳወራው የቆየሁት እኔ ነኝ፤ በሆዴ ባዳ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የያዘኝ መሰለኝ። "ስሜን ረስተሻል" ያለኝ ያህል ፊቴ ጋለ። ባዳ እንዳልሆነ ማሳየት ነበረብኝ፤ እዚያው፣ ያኔውኑ። ሴት ልጅ ያፈረች ለት ከእጇ የማይወጣ ነገር የለም። ቅኔ ቤቱን ነገርኩት። የቤተ ክርስቲያኑን ታቦት ነገርኩት። "ዳር ላይ፣ ከወይራው ሥር ያለችው ጎጆ የሱ ናት፤ በዚያ በኩል ብታልፍ ጠይቅልኝ" ብዬ ጨመርኩበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

"በይ እሰይ፤ እግዜር ይጠብቀው" አለኝ። ጉንጬን ሳመኝ። ሄደ። እኔ እሱን ሸኝቼ ስመለስ ጎረቤቴ "እና ማን ሆኖ ተገኘ?" አለችኝ። "እንጃ፣ ግን የኛ ሰው ነው" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ሳምንት አልሞላም። ከቅኔ ቤቱ አንድ ጎልማሳ ተማሪ፣ በየኔታው ፊት ቅኔ የሚዘርፍ፣ ደበሎውን እንደለበሰ ቤቴ መጣ። ከደጅ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሳይል ሲቀር ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ታጣቂዎች መጥተው ነበር አለኝ። ተማሪው ሁሉ በድንጋጤ ወደ ገደሉ ሲሮጥ አንዱንም አላባረሩ። ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወይራው ሥር ወዳለችው ጎጆ ሄዱ። ወንድሜ ውስጥ ሆኖ ቅኔውን ያወርድ ነበር። ወደ እስቴ ይዘውት ወረዱ፤ ከአገሩ ኮታ የጎደለው እሱ ነው ተብሎ።

አላለቀስኩም። ቁጭ ብዬ ያን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰብኩት፤ እያንዳንዱን ቃል። ሰውየው አንድም ጊዜ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም! "እህቴ" ነው ያለኝ፣ "አንቺ" ነው ያለኝ። የባሌን ስም አላነሳም። "ያ ታናሽሽስ" አለ እንጂ ወንድሜን በስሙ አልጠራም፤ ታናሽ የሌለው ማን አለ? ከየት መጣህ ስለው ከቤት፣ ስንት ዘመን ሆነን ስለው አንዘልቀውም። እኔ ስሙን ስፈልግ በነበርኩበት መንገድ እሱም በዚያው ነበር ኪሴን የሚዳስሰው። የማያውቀኝ ሰው ነው፤ አንድ የተላከ ሌባ፣ ገበያ ለገበያ እየዞረ ሴት አቅፎ ወሬ የሚለቅም። ፊቱን አውቀዋለሁ ያልኩትም የሱ ትወና ያሳመነኝ ነው አልኩ። እንዲህ ማሰቡ ትንሽ አሳረፈኝ፤ ባዳ ከድቶኝ ከሆነ አገሬ አልከዳኝም። ያን ቀን ባሌን "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ስለው ትዝ ይለኛል።

በሶ ፈጭቼ፣ ዳቦ ቆሎ አዘጋጅቼ፣ ጋቢውን ይዤ እስቴ ወረድኩ። ጎረምሶቹን የሰበሰቧቸው በትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ከአጥሩ ውጭ እናት፣ እህት፣ ሚስት ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ስንቅ ይዞ የመጣው ሁሉ ስንቁን የሚሰጥበት እየጠፋው ይጮኻል። ግቢው ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ወንድሜን በአጥሩ ቀዳዳ ሳየው ራሱን ተላጭቷል፤ ደበሎው የለም። ስጠራው በጩኸቱ መካከል አልሰማኝም።

ያን ጊዜ በሩ ተከፍቶ ያ ሰው ወጣ። ያው ካኪ ኮት፣ አሁን ጋቢ የለበትም፤ ጠመንጃ ትከሻው ላይ። አየኝ። ይሸሻል ብዬ ነበር፤ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ መጣ። እጁን ዘረጋ። "አለሽ እህቴ?" አለኝ፣ ሳይስቅ።

እጄን አልሰጠሁትም። ሰላምታ መንሳት በአገራችን ደም ከተቃቡት ሰው ጋር ነው፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። "እህቴ አትበለኝ!" ብዬ ጮህኩ። "የማን እህት ነኝ? ስሜ ማን ነው? የምታውቀኝ ከሆንክ በል እስቲ እዚህ ሰው መሃል ስሜን ጥራው! አንተ ውሻ፣ ስሜን ጥራዋ!"

ቀስ ብሎ ጠራኝ። የዛሬ ስሜን አይደለም፣ ገበያ የሚያውቀውን አይደለም። አባቴ ብቻ ይጠራኝ በነበረው፣ እሱ ሲሞት አብሮት በተቀበረው የልጅነት ስሜ ጠራኝ።

"አባትሽ ናቸው ክርስትና ያነሱኝ" አለኝ። "ክረምት ክረምት ወንዙን በጀርባዬ አሻግርሽ ነበር። ያኔ ይህን ታህል ነበርሽ።"

ሁሉም መጣ። በየፋሲካው ለአባቴ ሙክት ይዞ የሚመጣው የክርስትና ልጅ፤ እኔ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ አገር ጥሎ የሄደው። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ተመልሶ መሬት እንደተመራ፣ የወረዳው ገበሬ ማኅበር ሹም ሆኖ ከተማ እንደገባ ወሬ ሰምቼ ነበር፤ ያኔ እኔ ተድሬ ጋይንት ነኝ። እንግዲህ ገበያው ውስጥ ትወና አልነበረም። ያ ሳቁ እውነቱን ነበር። ያቀፈኝም ናፍቄው ነበር። ናፍቄው አቀፈኝ፣ ጠላዬን ጠጣ፣ ከዚያ ወንድሜን ተቀብሎኝ ሄደ። ከአባቴ ማዕድ የበላ፣ በአባቴ እጅ ከጠበሉ የወጣ ሰው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔን ግን ከወደቅሁ በኋላ ነው የረገጠኝ።

"ለምን?" አልኩት።

"ወንድምሽ ሲጠፋ ተራው ለትልቁ ልጄ ደረሰ" አለኝ። "ሹም ሆነህ ልጅህን ደበቅህ ሊሉኝ ነው። ያንቺ ካልተገኘ የኔ ይሄዳል። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

"ስምህን እነግርህ ነበር" አልኩት። "መጥቼ ማን እንደሆንኩ፣ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ እነግርህ ነበር።"

የመኪናው ሞተር ተነሳ። ጩኸቱ እጥፍ ሆነ፤ ሴቱ ሁሉ ወደ በሩ ተገፋ። መኪናው በበሩ ሲወጣ ጎረምሶቹ ላዩ ላይ ቆመው ተያይዘዋል። ወንድሜ በዳር በኩል ነበር። ስንቁን ወረወርኩለት፤ ጋቢውን አንዱ ተቀብሎ አሳለፈለት። ያን ጊዜ አየኝ። ሳቀ፤ ዓይኑ ጠፋ።

ከዚያ ከጎኔ የቆመውን አየ። ወንድሜ የተወለደው ይህ ሰው አገር ጥሎ ከሄደ በኋላ ነው፤ ተመልሶ ሲሾምም ኑሮው ከተማ ነው፣ ወንድሜ ደግሞ ገጠር ከብት ጥበቃ ላይ ነበር፤ ይዘው ያመጡትም ታጣቂዎቹ እንጂ ሰውየው አልነበረም። እንደ እኔው፣ ማን እንደሆነ አላወቀውም። እህቱ አጠገብ የቆመ ትልቅ ሰው ነው ያየው፤ የኛ ዘመድ ነው ብሎ አሰበ። ሰውየውም ምን እንደነካው እንጃ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም አለው።

ወንድሜ ባዶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በዚያ በሚነቃነቅ መኪና ላይ ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳው። ደግ አባት አሳድጎታልና ስሙን ያላወቀውን ሰው ሰላምታ እንዴት አድርገው እንደሚያሞቁት ያውቅበታል። "አለህ ጋሼ? ሁሉ ደህና?" ብሎ ጮኸ። መኪናው እየራቀ ነው። "ጋሼ! እህቴን አደራ!"

ሰውየው "አይዞህ" አለው። ወንድሜ ያን ሰምቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።